የተጠየቁ አረጋውያን ብዛት

የወር ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ወርን እንደ ሌላው ሰው አይኖረውም። ለሌላው ወር በሠላሳ ቀን ያልቃል፤ ለእኔ ግን ያለፈው ወር ከአዲሱ ወር አምስት የሥራ ቀን በልቶ ነው የሚያልቀው። በአምስተኛው ቀን ሪፖርቱ ለለጋሹ ድርጅት መላክ አለበት። በአራተኛው ቀን ቁጥር ያላመጣልኝ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው። እንዲህ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ “ደርሶናል፣ እናመሰግናለን” ከሚል መልስ ውጪ የመጣልኝን በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጣል። ሥራችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና ካዛንቺስ ባሉ አሮጌ ቤቶች አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መርዳት ነው። የየሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳሉ። ገላ ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ከዚያም ቁጭ ብለው ያወራሉ። የክትትልና ግምገማ ክፍል ሠራተኛ ነኝና፣ የእኔ ድርሻ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሠንጠረዥ መለወጥ ነው።

ሠንጠረዡ ስድስት ዓምድ አለው፦ አመልካች፣ የወሩ ዕቅድ፣ የወሩ ክንውን፣ በመቶኛ፣ የልዩነቱ ምክንያት፣ የማስተካከያ እርምጃ። ዕቅዱና ክንውኑ ከአሥር በመቶ በላይ ከተራራቁ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ ነው። ካልተራራቁ ባዶ መተው ይቻላል። ያቺን ባዶ ቦታ እወዳታለሁ። ባዶ ሆና የዋለች ወር ቀደም ብዬ ጎተራ ሰፈር ያለው ቤቴ እገባለሁ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሳላማርር እወጣለሁ፣ ልጆቼን አልቆጣም።

የሠንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ “በወሩ ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ የተጠየቁ አረጋውያን ብዛት።” ዕቅድ አንድ መቶ ሃያ፣ ክንውን ብዙውን ጊዜ አንድ መቶ አሥራ አራት፣ ዘጠና አምስት በመቶ። ምክንያት፦ ባዶ።

ከዚያ የካዛንቺሱ ሰፈር ለልማት ተነሣ። እኔ ምሳ የምበላባት ቤት፣ ጫማ የማሳድስበት በረንዳ፣ ብዙዎቹ አረጋውያን የተኙባቸው ግቢዎች ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ሰዎቹ ከከተማው ዳር አዲስ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የእኛም አረጋውያን በአልጋቸው ተጭነው አብረው ሄዱ። በዚያ ወር ቁጥሩ ይወድቃል ብዬ ምክንያቱን ሁሉ በቅድሚያ አርቅቄ ጠበቅሁ። አልወደቀም። አንድ መቶ አሥራ አራት። በቀጣዩም ወር አንድ መቶ አሥራ አራት። ተጠራጠርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልተጠራጠርኩም። ተመስገን ብዬ ላክሁ።

መቼም ዝም ብዬ አልላክሁም፤ ማጣራት አለብኝ። በጎ ፈቃደኞቹ ከሚሞሉት መዝገብ አሥር ስም አወጣና ስልክ እደውላለሁ። “እማማ፣ ልጅቷ በዚህ ሳምንት ጠይቃዎታለች?” “አዎ ልጄ፣ ጠይቃኛለች፣ እግዜር ይስጣት።” አንድ ጭረት። “አባባ፣ ጠይቃዎታለች?” “ኧረ ሳትጠይቀኝ ውላ አታድርም።” ሌላ ጭረት። ከአሥሩ አሥሩም እውነት ተናግረው ያድራሉ፤ እኔም እውነት ጽፌ አድራለሁ።

በሦስተኛው ወር ለጋሹ አዲስ መመሪያ ላከ። ከሚጣሩት ውስጥ ቢያንስ አምስቱ በአካል ቤታቸው ተሄዶ ይጣሩ ይላል። አምስት ስም በዕጣ አወጣሁ። አራቱ ቂርቆስ ነበሩ፤ በአንድ ጠዋት በእግሬ ጨረስኳቸው። አምስተኛዋ ከተነሡት ናቸው። በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ሄጄ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑት ሕንፃዎች መካከል ጠይቄ ጠይቄ የአንዱን የምድር ወለል ቤት በር አንኳኳሁ።

“ግቢ፣ ክፍት ነው!” አለ የማውቀው ድምፅ፤ በስልክ ለሁለት ወር ጭረት ያሰጠኝ ድምፅ።

የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሱቅ ተቀጥራ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ጨለማ ለብሳ ትመለሳለች። በሩን ሳትቆልፍ የምትሄደው፣ ምናልባት ሰው ቢመጣ ብላ ነው። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ የውሃ ኮዳ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃንና ስልክ አለ። ራሴን አስተዋወቅሁ፤ ድምፄን አውቀውት ሳቁ። ቅጹን አወጣሁ።

“እማማ፣ ልጅቷ በዚህ ሳምንት ጠይቃዎታለች?”

“ጠይቃኛለች። ትናንት ነው።”

“ምን ያህል ጊዜ ቆየች?”

“ምን ትቆያለች የኔ ልጅ፣ ካርዷ እስኪያልቅ ነዋ!”

መጀመሪያ አልገባኝም። ደግሜ ጠየቅኋቸው። ልጅቷ በየሳምንቱ ሳትቀር ትደውላለች። ትጠይቃቸዋለች። እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ይላሉ። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ መጥታ አታውቅም።

አማርኛችን የታመመ ሰው ቤት መሄድን “ሄድኩ” ብሎ አይተወውም፤ “ጠየቅሁ” ነው የሚለው። በስልክ ደህንነቱን መጠየቅም ያው “ጠየቅሁ” ነው። ለጋሹ በእንግሊዝኛ የጻፈው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቱ ድረስ ተሄዶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቆይቶ። የመዝገቡን ቅጽ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው “የተጠየቁ” ብሎ ጻፈ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ደስ የሚል አማርኛ ነው ብዬ ኮርቼበትም ነበር።

ልሰናበት ስነሣ ትራሳቸውን እንዳስተካክልላቸው ጠየቁኝ። ደገፍ አድርጌ ቀና ሳደርጋቸው ሽታው መጣ። ጀርባቸው ታችኛው ክፍል ላይ የአልጋ ቁስል ወጥቷል፤ መዳፌን ያክላል።

“እማማ፣ ይኼን ለምን በስልክ አልነገሯትም?”

“እንዴ! ሰው ‘እንዴት ነሽ’ ብሎ ከዚያ ድረስ ቢደውልልኝ ቁስሌን ልነግረው ነው?”

የልጅ ልጃቸው ከጤና ጣቢያ ቅባት አምጥታላቸው ነበር። ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ ብላ እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። ማን ያገላብጣቸው። ያን ቀን እንደሚሆን እንደሚሆን አድርጌ በጎናቸው አስተኛኋቸው፣ አንሶላውን ቀየርኩ። ከዚያም መናገር የማይገባኝን ነገር ተናገርኩ፦ “እማማ፣ ሰው እልክልዎታለሁ። በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው።” እጄን ይዘው መረቁኝ። አንድ ቃል ሰጥቼ ወጣሁ፤ ያንን ቃል የሚፈጽምልኝ ደግሞ ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

በማግሥቱ የበጎ ፈቃደኞቹን አስተባባሪ ጠራኋት። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጣለች፣ እትዬ ነው የምላት፤ ቂርቆስ ተወልዳ ያደገች፣ የማን አያት የት ቤት እንደተኛ ያለ መዝገብ የምታውቅ ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

“ታዲያ ምን አጠፋን? ጠየቅን ብለን ጻፍን እንጂ ሄድን አልን?”

“አላላችሁም እትዬ። ግን ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማለቴ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጆቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ሦስት መኪና ቀይረው ይሂዱ? ከሥራቸው ቀርተው? ዝም ከምንል እንኳን እንደውል ተባባልን። ለማስተባበሪያ ከሚሰጣቸው ካርድ ነው የሚደውሉት። እነሱ ላይ እንዳትፈርጂ አንቺ ልጅ።”

“የፈረድኩት በራሴ ላይ ነው።”

“ጥሩ! ብቻሽን ፍረጂ፣ እኔ ሥራ አለኝ” አለችና ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። “ሴትዮዋ ግን በጣም ነው የቆሰሉት?” አለችኝ። መዳፌን አሳየኋት። ወንበሩ ላይ መልሳ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አብረን መዝገቡን አንድ በአንድ አየነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛም ከሥሩ ጀመርን። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቤቱ የተሄደበትን “ሄ”፣ የተደወለበትን “ደ” እያልን ሁለት ቀን ፈጀን። አምሳ አንድ “ደ”። ሁሉም ከሰፈር የተነሡ። ከአንድ መቶ አሥራ አራት አምሳ አንድ ሲቀነስ ስልሳ ሦስት። ስልሳ ሦስት ከአንድ መቶ ሃያ፣ አምሳ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ። ኮምፒውተሩ ሣጥኑን ራሱ ቀይ ቀባው። ያለፉት የሁለት ወር ሪፖርቶችም መታረም አለባቸው፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር። ያሁኑን ጉድለት ማመን አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የላክሁላችሁም ልክ አልነበረም ብሎ መጻፍ ሌላ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ብለው ያረጁ ሰው ናቸው። ቀዩን ሣጥን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ከዘጠና አምስት ወደ አምሳ ሁለት? በዚህ ወር? የሚቀጥለው ምዕራፍ ሊወሰን ባለበት ወር?”

“እውነተኛው እሱ ነው።”

“ጠይቀዋቸዋል አይደለም? ቃሉ ይሸከማል እኮ። እኛ ‘የተጠየቁ’ ነው ያልነው፣ ተጠይቀዋል።”

“አማርኛው ይሸከማል። የእማማ ጀርባ አይሸከምም።”

ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከአለቃዬ ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ቀጥዬ ሐሳቤን አስረዳሁ፦ ጉድለቱን በሐቅ ከጻፍን፣ በማስተካከያው ዓምድ ላይ ለበጎ ፈቃደኞቹ ትራንስፖርት እንጠይቃለን፤ ጉድለት ካልታየ ግን ማንም ምንም አይፈቅድልንም። ሙሉ ነው ብለን ለጻፍነው ሳህን ማን ይጨምርልናል?

“እውነት ተናግሮ እመሸበት ማደር ነው የምትይው” አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። “ጻፊው በቃ። ግን ‘ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት’ የምትለዋን አስገቢ።”

አላስገባኋትም። ያቺን ሐረግ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተደበቅኩባት እኔ ነኝ የማውቀው። ምክንያት በሚለው ዓምድ እንዲህ ጻፍኩ፦ “አምሳ አንድ አረጋውያን ከፕሮጀክቱ አካባቢ ርቀው ሰፍረዋል። በጎ ፈቃደኞች በእግር መድረስ ስለማይችሉ በስልክ ደህንነታቸውን ሲጠይቁ ቆይተዋል። የመዝገቡ አማርኛ የስልክና የአካል ጥየቃን ስለማይለይ፣ ይህ ስህተት ያለፉት ሁለት ወራት ክንውንንም አዛብቷል፤ የታረመው ተያይዟል። ስህተቱ የበጎ ፈቃደኞቹ ሳይሆን ቅጹን ያዘጋጀው የክትትልና ግምገማ ክፍል ነው።” በእርምጃው ዓምድ ደግሞ፦ “ቅጹ ተስተካክሏል። ለአምሳ አንዱ አረጋውያን የበጎ ፈቃደኞች ትራንስፖርት እንዲፈቀድ እንጠይቃለን። በስልክ ‘ደህና ነኝ’ ያሉ አንዲት እናት የአልጋ ቁስል ወጥቶባቸው በአካል ተገኝተዋል።” የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሠንጠረዥ አትሆንም፤ እያወቅሁ ተውኳት።

ላክሁት። “ደርሶናል፣ እናመሰግናለን” መጣ። ከሳምንት በኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ ተጠራን። የለጋሹ ተወካይ ትሑት ሴት ናት። ሪፖርቱን ማንበቧን ከጥያቄዋ አወቅሁ፤ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። በብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ግልጽ ማብራሪያ አላየሁም አለች። ለሌሎች ድርጅቶች ምሳሌ አድርገን ብናካፍለው ትፈቅዳላችሁ ወይ አለች። አለቃዬ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ የምጠብቀው ስለ ትራንስፖርቱ ነው።

ስለ ትራንስፖርቱ እንዲህ አለች፦ ስምምነቱ የሚሸፍነው ሁለት ወረዳ ነው፤ የተነሡት ከወረዳዎቹ ውጪ ናቸው፤ ስለዚህ ክንውኑ አይደለም የጎደለው፣ ዕቅዱ ነው የተጋነነው። አንድ መቶ ሃያው ወደ ስልሳ አምስት ይውረድ። አምሳ አንዱ “በቦታ ለውጥ የወጡ” በሚለው ሥር ይመዝገቡ። የስልክ ጥሪ አመልካች ስላልሆነ ካርዱም ለአካባቢው ማስተባበሪያ ብቻ ይዋል።

ተከራከርኩ። በአዲሱ ወረዳቸው ያሉ ድርጅቶች እንዲቀበሏቸው እስኪደረግ ሦስት ወር ስጡን አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጽሑፍ አቅርቡት አለች። አቀረብን። በሚቀጥለው በጀት ዓመት እንደሚታይ መለሱልን። ያዘንኩት ደግሞ አንዷም ቃሏ ስህተት ስላልነበረች ነው። እኔም እሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው፤ መመሪያውን አውቀዋለሁ።

መዝገቡን ባየን ሰሞን እትዬ ሁለት ቅዳሜ እኔን ይዛ ሄዳለች። እማማን አጥበናል፣ ቁስላቸውን አጽድተናል። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ ታመመብኝ፣ በአራተኛው እሷ ልቅሶ ነበረባት። ከዚያ ወዲያ “በሚቀጥለው” እየተባባልን ቀረን። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ሁለት የደከሙ ሴቶች ሦስት መኪና ቀይረው የሚሠሩት ሥራ ሥርዓት አይሆንም፤ አመልካቾች የተፈለሰፉትም ለዚሁ ነበር።

የሚቀጥለው ወር ሪፖርት በሦስተኛው ቀን አለቀ። ዕቅድ ስልሳ አምስት፣ ክንውን ስልሳ ስድስት፣ አንድ መቶ አንድ ነጥብ አምስት በመቶ። አረንጓዴ። ምክንያት፦ ባዶ። አለቃዬ በሩን ከፍተው “በርቺ!” ብለውኝ አለፉ።

ሰነዱን እየዘጋሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም። መጀመሪያ የእኔን ደህንነት፣ ከዚያ የልጆቼን፣ ከዚያ የእትዬን ጠየቁ። ስለ ጀርባቸው ስጠይቃቸው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው።

“የኔ ልጅ፣ ያቺ ልጅ መደወል ተወች እኮ። ወር ሊሞላት ነው። ያን ቀን አንቺ ስትመጪ በስልክ ብቻ ነው ያልኩሽን ሰምታ ነው እንዴ? አስቀየምኳት? ሳልናገር በቀረሁ።”

ያለፉትን ቁጥሮች አርሜ፣ የራሴን ስህተት በክፍሌ ስም ጽፌ የላክሁ ሴት ነኝ። የተናገሩት እውነት በእኔ ሪፖርት አልፎ የልጅቷን የስልክ ካርድ እንዳስከለከለ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም።

“ኧረ አይደለም እማማ፣ እሷ እኮ አሟት ነው። ተኝታለች።”

“አሟት ነው?” አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሲለቁት ተሰማኝ። “ውይ እግዜር ይማራት! እኔ እኮ ተቀይማኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።”

ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ።